ስምንት ዐረፍተ ነገር

እዚህ ካኩማ ተቀምጠን ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ሰዎች መምህሮቻችንን በአካል የምናገኝበት ቀን ጥቂት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የጀመረ ሰው ደግሞ ከአማካሪው ጋር የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ ላይ በሚደርሰው አጭር መልእክት ነው። 60 ወይም 80 ገጽ ይልካል፤ የሚመለስለት አምስት ስድስት መስመር ነው። እነዚያ መስመሮች የወር ሥራ ያዝዛሉ፤ ከመካከላቸው የትኛው አስቀድሞ፣ የትኛው በኋላ እንደሚሠራ ግን አይናገሩም። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ነገሩን በደፈናው ከማውራት ይልቅ ባለፈው ጊዜ አብረን ያነበብነውን አንድ መልእክት እንደ ምሳሌ እናቅርብ። ባለቤቷ ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጽፍም። እኅታችን በካምፑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ማታ ማታ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፏን ትጽፋለች። የጽሑፉ ርእስ «የቤት ውስጥ ሥራ በካኩማ ካምፕ ሴት ልጆች ትምህርት ማቋረጥ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ነበር። 8 እናቶችንና 6 መምህራንን በቃለ መጠይቅ አነጋግራ፣ አራት ምዕራፎችን በ78 ገጽ ጽፋ ላከች። ከእነዚህ ውስጥ የሌሎችን ጥናቶች የሚቃኘው ምዕራፍ 2 ብቻውን 31 ገጽ ይዟል። የነፃ ትምህርት ዕድሏ የሚያበቃው በዚያው የትምህርት ዘመን ስለ ነበረ፣ ጽሑፉ በጊዜው ካላለቀ ለሚቀጥለው ክፍያውን የሚችልላት አልነበረም።

አማካሪዋ ወሩ በገባ በ2ኛው ቀን በእንግሊዝኛ መለሱላት። ወደ እኛ ቋንቋ ስንመልሰው እንዲህ ይላል፤

«ረቂቁን ስለ ላክሽልኝ አመሰግናለሁ። ጥሩ እየሄድሽ ነው፤ ቃለ መጠይቆቹም ብዙ ነገር ይዘዋል። ምዕራፍ 2 ረዝሟል። 14 ቃለ መጠይቅ ርእሱ የሚለውን ነገር ሊሸከም ይችል እንደ ሆነ ልታስቢበት ትችያለሽ። ምዕራፍ 4 አሁንም በአብዛኛው ገላጭ ነው። የማጣቀሻ አጻጻፉን እባክሽ ተመልከቺ። ጥያቄሽ በትክክል ምንድን ነው? ሙሉውን ረቂቅ እስከ 30 ድረስ ለማግኘት እንሞክር።»

ስምንት ዐረፍተ ነገር ነው። ይህን መልእክት ስታነብ ልቧ የቆመው በሁለት ቦታ ነበር። «ጥሩ እየሄድሽ ነው» የሚለውን ይዛ ተጽናናች፤ «የማጣቀሻ አጻጻፉን ተመልከቺ» የሚለውን ደግሞ ሥራው ግልጽ ስለ ሆነላት በዚያው ሌሊት ልትጀምር ተነሣች። በመካከላችን ብዙ ዘመን ያስተማሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። እርሳቸው ግን «ቆይ እስቲ ልጄ፤ መጀመሪያ መልእክቱ ምን እንዳዘዘ እንወቅ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል» አሏት። ተቀምጠን አንድ በአንድ አነበብነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የቋንቋው ጠባይ ነው። በአማርኛ አክብሮትን በራሱ በግሱ ውስጥ እናስገባለን፤ «ይምጡ» ስንል ትእዛዙም አክብሮቱም አብሮ ይሄዳል። የዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ግን ይህን የማድረጊያ መንገድ ስለሌለው፣ የሚያከብር ሰው ትእዛዙን በምርጫ ወይም በጥያቄ መልክ ያቀርበዋል። ስለዚህ «ልታስቢበት ትችያለሽ» የሚለው ቃል ለእኛ ጆሮ «ብትፈልጊ» ይመስላል፤ አማካሪ ሲጽፈው ግን «ይህ ነገር አሳስቦኛል፤ መልስ እፈልጋለሁ» ማለት ነው። በአንጻሩ «እባክሽ ተመልከቺ» የሚለው ቀጥተኛ ልመና የሚመጣው ሥራው ቀላል ሲሆን ነው፤ ምንም የሚያከራክር ነገር ስለሌለበት በቀጥታ ይነገራል። ከዚህም የተነሣ የመልእክቱ ድምፅና የመልእክቱ ክብደት ብዙ ጊዜ ይገለባበጣሉ። በለሰለሰ ቃል የተባለው ከባድ፣ በቀጥታ የተባለው ቀላል ሆኖ ይገኛል።

ይህን ስንል ግን በየቃሉ ሥር ሰምና ወርቅ እንፈልግ ማለታችን አይደለም። «ጥሩ እየሄድሽ ነው» ያሉት እውነታቸውን ነው፤ በውስጡ የተሰወረ ወቀሳ የለም። ነገር ግን የሚሠራ ሥራም የለበትም። «ቃለ መጠይቆቹ ብዙ ነገር ይዘዋል» የሚለው ግን ከምስጋና ያልፋል፤ የጽሑፉ ሀብት የት እንዳለ ያመለክታል። የሚቀነስ ነገር ሲመጣ ከዚያ እንዳይቀነስ ማለት ነው።

ሁለተኛው የምናስተውለው ትንንሾቹን ቃላት ነው። «ምዕራፍ 4 አሁንም ገላጭ ነው» በሚለው ውስጥ «አሁንም» የምትለዋ ቃል ብዙ ትናገራለች። ይህ ነገር ከዚህ በፊት ተነግሮ ነበር ማለት ነው። እኅታችን የቀድሞዎቹን መልእክቶች ብታገላብጥ፣ በእርግጥም ከሦስት ወር በፊት ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጋር «ከመዘገብ አልፈሽ ተንትኚ» የሚል መስመር ተጽፎላት አገኘች። ሁለት ጊዜ የተባለ ነገር አንድ ጊዜ ከተባለ ነገር ይቀድማል። ስለዚህ አዲስ መልእክት ሲመጣ አሮጌዎቹን አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። እንደዚሁም በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር «ሙሉውን ረቂቅ» ተብሏል። እርሷ የላከችው አራት ምዕራፍ ነው፤ መደምደሚያ የሆነው ምዕራፍ 5 ገና አልተጻፈም። እንግዲህ ቀን የሚቀጥር ብቻ የሚመስለው መስመር አንድ ሙሉ ምዕራፍ በውስጡ ያዝዛል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ነገር መጣን፤ ይኸውም የትኛው ይቅደም የሚለው ነው። መልእክት የሚጻፍበት ቅደም ተከተል የሥራ ቅደም ተከተል አይደለም። አማካሪ ገጹን እየገለበጠ ሲያነብ የታየውን በታየው ተራ ይጽፋል፤ አንብቦ ሲጨርስ ደግሞ በልቡ የቀረችውን ትልቋን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል ያደርጋል። ስለዚህ ሌላ መለኪያ ያስፈልገናል። እኛ የያዝነው መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህን ብናስተካክል፣ ከዚህ የተነሣ ሌላ ምን ይለወጣል?» እያንዳንዱን አስተያየት በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈን መሬት ላይ ዘረጋን። አንዱ ሲለወጥ ሌላውን የሚለውጥ ከሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው በከሰል መስመር አሰመርን። ብዙ መስመር የሚወጣበት ወረቀት ይቀድማል፤ መስመር የሚገባበት እንጂ የማይወጣበት ወረቀት ወደ ኋላ ይቆያል።

የማጣቀሻ አጻጻፍ ከሚለው ወረቀት አንድም መስመር አልወጣም። ማጣቀሻው ሁሉ ፍጹም ቢሆን ምዕራፎቹ እንዳሉ ይቀራሉ። ወደ እርሱ ግን ከምዕራፍ 2 መስመር ገባ፤ ምዕራፉ ሲያጥር ከማጣቀሻው የሚጣለው ብዙ ነውና። በዚያች ሌሊት ሥራዋን ጀምራ ቢሆን ኖሮ፣ በ31 ገጽ ውስጥ ያለውን ማጣቀሻ ሁሉ አስተካክላ ግማሹን በኋላ በሰረዘችው ነበር። ሥራ የመሰለ፣ ነገር ግን ወደ 30ኛው ቀን አንድ እርምጃ የማያቀርብ ድካም ማለት ይህ ነው።

«ጥያቄሽ በትክክል ምንድን ነው?» ከምትለው ወረቀት ግን መስመሩ ወደ ሁሉም ሄደ። ጥያቄው ሲለወጥ ርእሱ ይለወጣል፤ ከሌሎች ጥናቶች የትኛው እንደሚጠቅም ይለወጣል፤ የቃለ መጠይቁ መልስ የሚደረደርበት መልክ ይለወጣል፤ መደምደሚያውም እንዲሁ። እዚህ ላይ ነው ያልጠበቅነው ነገር የታየን። ምዕራፍ 2 የረዘመው ለምንድን ነው? ጥያቄው ያልጠበበ ሰው የትኛውን መጽሐፍ እንደሚተው ስለማያውቅ ያገኘውን ሁሉ ያስገባል። ምዕራፍ 4 ገላጭ የሆነው ለምንድን ነው? መልሶቹን የሚለይበት ጥያቄ የሌለው ሰው መልሶቹን እንደ መጡ ከመጻፍ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። 14 ቃለ መጠይቅ ርእሱን መሸከም ያቃተውስ? ርእሱ ጥያቄው ያልጠየቀውን ስለሚናገር ነው። እንግዲህ አራት የሚመስሉት በሽታዎች አንድ በሽታ ነበሩ።

ስለ 14ቱ ቃለ መጠይቆች በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወንድማችን «ቁጥሩ አነሰ ማለታቸው ነው፤ 20 ሰው ትጨምር» አለ። ይህ ቢሆን ኖሮ ወሩ በቃለ መጠይቅ ብቻ ባለቀ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ግን ቁጥሩ አነሰ አላለም፤ ቁጥሩ ርእሱን ይሸከም እንደ ሆነ ነው የጠየቀው። ሸክሙን መቀነስም መልስ ነው። «ተጽዕኖ» የሚል ርእስ መለካትን ይጠይቃል፤ የቤት ሥራ የሚበዛባቸውና የማይበዛባቸው ልጆች በብዙ ቁጥር ተነጻጽረው፣ ሌላው ምክንያት ተለይቶ፣ ስንቱ በቤት ሥራ ምክንያት አቋረጠ መባል አለበት። ይህን 14 ቃለ መጠይቅ አይችለውም፤ 34 ቃለ መጠይቅም ቢሆን አይችለውም። ነገር ግን «እናቶችና መምህራን የልጆቹን ማቋረጥ እንዴት ይገልጹታል?» ተብሎ ቢጠየቅ 14 ሰው ብዙ ሊናገር ይችላል።

ለዚህም የሚጠቀስ ጥናት አለ። ጌስት፣ በንስና ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ በጋናና በናይጄሪያ ከተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆች ውስጥ አዲስ ሐሳብ መምጣቱ የሚያቆመው ከስንተኛው በኋላ እንደ ሆነ ፈትሸው፣ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ አብዛኛው እንደ ተገኘ ጽፈዋል። ይህ ግን እንደ ፈቃድ ወረቀት የሚያዝ ቁጥር አይደለም። የእነርሱ ተጠያቂዎች እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ፣ የተጠየቁትም ተመሳሳይ ጥያቄ ነበር። የእኅታችን 14 ሰዎች ግን 8 እናቶችና 6 መምህራን ናቸው፤ ሁለት ወገን ናቸው። ስለዚህ ምዕራፍ 3 ላይ ይህን ልዩነት ራሷ ገልጻ፣ የእያንዳንዱን ወገን አሳብ ለየብቻው ልትናገር ይገባታል። አማካሪዋ ሲያነቡ የሚፈልጉት ይህን ነው፤ የቁጥሩን ትልቅነት ሳይሆን ጸሐፊዋ የቁጥሩን ልክ ማወቋን ነው።

አሁን ስለ ምዕራፍ 4 እንናገር፤ «ገላጭ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነውና። በረቂቁ ላይ እንዲህ ተጽፎ ነበር፤ «ተጠያቂ 3 ልጇ በቦኖ ውሃ ወረፋ ምክንያት እንደምትዘገይ ተናግራለች። ተጠያቂ 4 ልጇ ታናናሾቿን እንደምትጠብቅ ተናግራለች። ተጠያቂ 5 የውሃው ወረፋ እንደሚያስቸግር ተናግራለች።» እንዲህ እያለ 26 ገጽ ይሄዳል። ይህ መዝገብ ነው። ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን አንባቢው ራሱ እንዲያስብ ሥራውን ለእርሱ ይተውለታል። ይህን የምንለይበት ቀላል ምልክት አለ። አንቀጾቹ ሁሉ በተጠያቂ ስም የሚጀምሩ ከሆነና የአንቀጾቹን ቦታ ብናቀያይር ምንም የማይበላሽ ከሆነ፣ ምዕራፉ ገላጭ ነው።

ትንተና ምን እንደሚመስል ለማየት የውሃውን ነገር ብቻ ከ14ቱም አውጥተን ጎን ለጎን አስቀመጥነው። ከ8ቱ እናቶች 5ቱ፣ ከመምህራኑ 6ቱም ወረፋውን አንሥተዋል። ነገር ግን ያነሡበት መንገድ አንድ አይደለም። እናቶቹ የተናገሩት ስለ ቀን ነው፤ «ዛሬ ቀረች፣ ነገ ትሄዳለች» ይላሉ። መምህራኑ ግን ያቋረጡበት ምክንያት አድርገው ቆጥረውታል። ይህ ለምን ሆነ ብለን ቃለ መጠይቆቹን እንደገና ብናነብ፣ ሁለት መምህራን በመካከል ያለውን ነገር ተናግረው አገኘን፤ ልጅቷ በተደጋጋሚ ትቀራለች፣ ፈተና ያመልጣታል፣ ከታናናሾቿ ጋር መቀመጥ ታፍራለች፣ ከዚያ በኋላ ጀሪካኑ ባዶም ሆነ ሙሉ አትመጣም። እንግዲህ በእናቶቹ ዐይን ማቋረጥ አንድ ቀን የተወሰነ ውሳኔ አይደለም፤ መምህራኑ ስም የሰጡት ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር በማንም ተጠያቂ አፍ አልተነገረም፤ ከሁለቱ ወገኖች ልዩነት የወጣ ነው። አማካሪው «ገላጭ ነው» ሲሉ የጎደለው ይህን የመሰለ ዐረፍተ ነገር ነው።

ይህ ሲገኝ ሌላው ሥራ ራሱ መልክ ያዘ። ጥያቄዋ «እናቶችና መምህራን ሴት ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡበትን ሂደት እንዴት ይረዱታል?» የሚል ሆነ። ምዕራፍ 4 በተጠያቂ ስም መደርደሩ ቀርቶ በሦስት ነገር ተከፈለ፤ መቅረት፣ ወደ ኋላ መቅረትና ማፈር፣ መተው። ከምዕራፍ 2 ስለ ቤት ሥራ ሰዓት አቆጣጠር የሚናገረው ሁሉ ወጣ፤ ስለ መቅረትና ቀስ በቀስ ስለ ማቋረጥ የሚናገረው ቀረ፤ 31 ገጽ የነበረው 16 ሆነ።

ቀኑንም በዚሁ ቅደም ተከተል ከፈልነው። ከ2 እስከ 30 ድረስ 28 ቀን አለ። የመጀመሪያዎቹ 3 ቀኖች ለጥያቄው፣ ለርእሱና ለአማካሪው መልስ ለመጻፍ፤ 12 ቀን ለምዕራፍ 4፤ 5 ቀን ለአዲሱ ምዕራፍ 5፤ 4 ቀን ምዕራፍ 1፣ 2ንና 3ን ከአዲሱ ጥያቄ ጋር ለማስማማት፤ 3 ቀን ለማጣቀሻ፤ የቀረችው 1 ቀን መብራትና የስልክ መስመር ቢጠፋ ለመጠባበቂያ። ምዕራፍ 2ን ከምዕራፍ 4 በኋላ ያደረግነው የትኛው ጥናት እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ግኝቱ ሲታወቅ ስለ ሆነ ነው። ማጣቀሻውን መጨረሻ ላይ ያደረግነው ቀላል ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ነው። ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲው መመሪያ የሚጠይቀው የኤ.ፒ.ኤ. 7ኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ፣ የመጽሐፍ ማሳተሚያ ከተማ መጻፉ ቀርቷል፤ በእርሷ ዝርዝር ውስጥ ግን ግማሹ ከተማ አለው፣ ግማሹ የለውም። ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መልሱ ተጻፈ። ብዙ ሰው አማካሪው ሲጽፍለት «አመሰግናለሁ፣ አስተካክላለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ያነበበው ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ከወር በኋላ ነው። እርሷ እንዲህ ጻፈች፤ «መልእክትዎን የተረዳሁት እንዲህ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄው መሆኑን ተገንዝቤ ‹ተጽዕኖ› የሚለውን ትቼ፣ እናቶችና መምህራን ሂደቱን እንዴት እንደሚረዱት ለመጠየቅ አስቤአለሁ። ከተስማሙ ቃለ መጠይቅ አልጨምርም፤ ምዕራፍ 4ን በሦስት ክፍል አድርጌ እንደገና እጽፋለሁ፤ ምዕራፍ 2ን ወደ 16 ገጽ አወርዳለሁ፤ ምዕራፍ 5ን ጨምሬ እስከ 30 እልካለሁ። በተሳሳተ መንገድ ተረድቼ እንደ ሆነ ከመጀመሬ በፊት ይንገሩኝ።» እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሥራ የበዛበት ሰው በ«አዎን» ወይም በ«አይደለም» ሊመልሰው ይችላል። በ2ኛው ቀን መልሱ መጣ፤ «አዎን። ርእሱንም አሳጥሪው። እናቶቹ እንዳይታወቁ ተጠንቀቂ።»

ይህ የመጨረሻው ቃል የመለኪያችንን ወሰን ያሳያል። «ሌላ ምን ይለወጣል?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉ አይሠራም። የሰው ደኅንነትና ፈቃድ የሚመለከት አስተያየት አንድ ገጽ ባይለውጥም እንኳ ከሁሉ ይቀድማል። ስም ባይጻፍም «ከቦኖው አጠገብ የምትኖር የስድስት ልጆች እናት» ቢባል፣ በዚህ ካምፕ ማን እንደ ሆነች የማያውቅ የለም። እንዲሁም አማካሪ «የጥናት ፈቃድሽ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በኬንያ ጥናት ለማድረግ ከብሔራዊ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂና የፈጠራ ኮሚሽን ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ወረቀቱ ሳይገኝ የተጻፈው ሁሉ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። እኅታችን በዚያው ቀን የልጆቹን ቁጥርና የቦኖዎቹን ስም ከጽሑፉ አውጥታ ከዚያ ወደ ምዕራፍ 4 ተመለሰች።

ሙሉው ረቂቅ በ29ኛው ቀን ማታ ተልኳል፤ 71 ገጽ ነው፤ ምዕራፍ 5ም አለበት። የአማካሪዋን መልስ እየጠበቅን ነው። ሲመጣ እንደ ልማዱ አጭር ይሆናል፤ ቁራጭ ወረቀቶቹን ግን አልጣልናቸውም።